ሕልመ ሌሊትና የማያልፈው ኀፍረት

በጥብቅ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገ ልጅ የአካሉን ስም ሲጠይቅ የሚሰማው «ኀፍረተ ሥጋ» የሚለውን ነው። ስሙ የጨዋነት አነጋገር መሆኑን ግን የሚያስረዳው የለም። 14 ወይም 15 ዓመት ሲሞላው አንድ ሌሊት በእንቅልፉ ዘር ይፈስሰዋል፤ በዚያ ቀን ቤተ መቅደስ እንዳይገባም ይነገረዋል። ምክንያቱን ስለማይጠይቅ «እንግዲያውስ ርኩስ ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል።

አንድ የ26 ዓመት የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አለኝ፤ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ሕልመ ሌሊት ባገኘው ቁጥር በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ አንሶላውን ያጥብ፥ ለነፍስ አባቱም ያንኑ ነገር ደጋግሞ ይናዘዝ ነበር። «ሲያገባ ይለቀዋል» ይባላል። እርሱ ግን በተክሊል ካገባ በኋላም ከሚስቱ አልጋ እንደ ሌባ ነበር የሚነሣው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ፍትወትንና ፍርሃትን አብሮ የለመደ አካል፥ ሠርግ ስለ ተደገሰ ብቻ ልማዱን አይረሳም።

እስቲ መጻሕፍቱን እንይ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ዘር የፈሰሰው ሰው ገላውንና ልብሱን ይታጠባል፥ እስከ ማታም ይቈያል፤ መሥዋዕት ግን አልታዘዘበትም። አባ ሰላማን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስም በአራተኛው መቶ ዓመት አሙን ለተባለ መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ፥ ሳይወዱ የሚፈስሰውን ከአፍንጫና ከአፍ እንደሚወጣው ይቈጥረዋል፤ በዚህ መነኮሳትን የሚያስጨንቀው ሰይጣን ነው ይላል። እርግጥ ደብዳቤው የልብን ሁሉ የሚፈቅድ አይደለም፤ ድንግልናን ከጋብቻ ያስበልጣል።

ባልደረባዬ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ሥርዓት የሆነውን፥ ኃጢአት የሆነውንና የመንደር ነውር ብቻ የሆነውን ለየ። ከየአንዳንዱ አጠገብም ማን እንደ ነገረውና ያን ጊዜ ዕድሜው ስንት እንደ ነበረ ጻፈ። እጅግ የሚያስፈራው ቃል ከመጽሐፍም ከቄስም አልመጣም፤ ከእርሱ በሁለት ዓመት ከሚበልጡት የቆሎ ተማሪዎች ነበር።

ነፍስ አባቱ አንድ ጊዜ የተናዘዘውን እንዳይደግም አዘዙት። እኔ እንደሚመስለኝ መለያው እዚህ ላይ ነው፤ ንስሐ ያሳርፋል፥ ይህ ኀፍረት ግን አንድ ቀን ዝም ብሎ በማግሥቱ ሌላ ኑዛዜ ይጠይቃል። አንሶላውንም እስኪነጋ እንዲተወው ተስማሙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍርሃቱ ባሰበት፤ ቀስ በቀስ ግን ላላ። መታጠቡና ኑዛዜው እንቅልፍና ሥራ የሚያሳጣ ሰው ግን በነፍስ አባት ብቻ አይድንም፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ለሚስቱ የነገራት መብራት አጥፍቶ ነው። እርስዋም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ የወር አበባዋ ሲመጣ ከእናትዋ እንኳ ተደብቃ ጨርቅ ታጥብ እንደ ነበር አጫወተችው።