ዘበኛው ሳያየን ሙዚቃው ካየን

የድብቅ ጌም የሚጫወት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መሣሪያ አንግቶ ገብቶ ያገኙትን ሁሉ መረሸን አይደለም፤ ጨለማ ጨለማውን ይዞ፣ ዘበኛው ጀርባውን እስኪያዞር ትንፋሽ ውጦ መጠበቅ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጌም ውስጥ ሙዚቃው ማጀቢያ ብቻ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉን። አንስማማም። ሙዚቃው ወሬኛ ነው፤ በዘበኛው ልብ ያለውን ሰምቶ ለተጫዋቹ ጆሮ ያቀብላል። ስለዚህ አቀናባሪው ወደደም ጠላም የጌሙን ሕግ ከሚያወጡት አንዱ ነው። ደግሞ ውጥረት ሲወጣ የሚሰማውን ሙዚቃ ብዙ ሰው ይሠራዋል፤ ሙያው የሚለየው ውጥረቱ ሲወርድ ነው ባዮች ነን።

በ1998 የወጣውን ሜታል ጊር ሶሊድን አስታውሱ። ዘበኛው ሲያያችሁ ዝግተኛው ሙዚቃ ተቆርጦ የማሳደጃው ይጀምራል። ተደብቃችሁ ስታመልጡ ደግሞ ሌላ ሙዚቃ ይተካል፣ ስክሪኑ ላይም ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል። ግልጽ ነው፣ ይሠራልም። ግን ሙዚቃው የሚያውቀው «ታይተሃል» እና «አልታየህም» የሚለውን ነው። ዘበኛው «ምን ድምፅ ነው የሰማሁት?» ብሎ ባትሪውን የሚያበራበትን፣ ማለትም ልብ የሚመታበትን መሐል ቦታ ይዘለዋል።

በ2005 የወጣው ስፕሊንተር ሴል፦ ኬኦስ ቲዎሪ የገባው እዚያ መሐል ቦታ ላይ ነው። ዩቢሶፍት ሙዚቃውን የሰጠው እስከዚያ ድረስ ከአሮጌ ሸክላዎች ድምፅ እየቀነጨበ አልበም ይሠራ ለነበረው ለኤመን ቶቢን ነበር። ቶቢን የሠራው ሙዚቃ የተደራረበ ነው፤ ከሥር ያለው ሳይቋረጥ ውጥረቱ በጨመረ ቁጥር ሌላ ይደረብበታል። ተጫዋቹ ሙዚቃ «ተቀየረ» አይልም፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲጠብቅ ይሰማዋል እንጂ።

ይህ እንዴት ይሠራል? እስቲ አንድ ትንሽ ሙዚቃ አብረን እናቅና። ፍጥነቱ በደቂቃ 96 ምት፣ በአንድ ባር (የሚጠጣበት አይደለም) 4 ምት ይሁን። አንዱ ባር 2.5 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። አራት ድራብ እንሠራለን። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ እምምታ ነው፣ ሁልጊዜ አለ። ሁለተኛው አልፎ አልፎ የሚነካ ወፍራም ክር ነው። ሦስተኛው የማይለቅ ምት ነው። አራተኛው ከበሮና ነሐስ፣ «ተያዝክ» ማለት ነው። አራቱም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፣ አብረውም ይሄዳሉ፤ የማይፈለገው ድምፁ ዜሮ ሆኖ ነው የሚጠብቀው። ሲጠራ ከመሐል ስለሚገባ ምቱ አይዛነፍም። (የቅኝት ነገር ከተነሳ፦ እምምታው መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን ብቻ ቢይዝ ከላይ ያለው ነፃ ይሆናል። አምባሰል ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትል ድምፅ አለችው፤ እሷን ሁለተኛው ድራብ ላይ ጣል ማድረግ ጀርባ ያቀዘቅዛል።)

አሁን ጌሙ የዘበኛውን ጥርጣሬ ከ0 እስከ 100 ይለካል እንበል። 20 ሲደርስ ሁለተኛው ድራብ ይከፈት፣ 45 ሲደርስ ሦስተኛው፣ 100 ሲሞላ አራተኛው። ወረቀት ላይ ያምራል። ስትጫወቱት ግን መጀመሪያ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ተጫዋቹ በር ሥር ሲያደፍጥ ጥርጣሬው 44፣ 46፣ 43፣ 47 እያለ ይዋልላል፣ ምቱም እንደተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። መድኃኒቱ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ቁጥር መለየት ነው፤ ሦስተኛው በ45 ከተከፈተ ከ30 በታች ሳይወርድ አይዘጋም። ዘበኞቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ጥርጣሬያቸው አይደመርም፤ የሚወሰደው ከሁሉም የበለጠው ነው። አለዚያ አምስት በጥቂቱ የጠረጠሩ ዘበኞች ተደምረው ያልተጠራ ጦርነት ያውጃሉ።

ሁለተኛው ችግር መዘግየት ነው። ሙዚቃው እንዳይዛነፍ ቀጣዩን ባር ይጠብቅ ካላችሁ እስከ 2.5 ሰከንድ ልትቆዩ ነው፤ ከበሮው ሲመጣ ተጫዋቹ ተመቶ ወድቋል። ስለዚህ በታየባት ቅጽበት ምትም ባርም ሳትጠብቅ አንዲት አጭር ስለታም ድምፅ ትጮኻለች፣ ባለሙያዎቹ ስቲንገር ይሏታል። ከበሮው በእሷ ጥላ ተከልሎ በቀጣዩ ምት ላይ ይገባል። ያ ቢበዛ ከ0.625 ሰከንድ አያልፍም፣ ጆሮም አያስተውለውም።

ወደ መውረዱ እንምጣ። አደጋው አልፎ ጥርጣሬው ወደ 10 ሲወርድ ድራቦቹ በአንድ ጊዜ ከተዘጉ ሙዚቃው «በቃ፣ ውጣ» ብሎ ፈረደ ማለት ነው። ፍርሃት ግን እንደዚያ አይለቅም፤ ዘበኛው ወደ ቦታው ተመልሶም ልባችሁ ገና ይመታል። ስለዚህ ሲወጣ በአንድ ባር፣ ሲወርድ ግን መጀመሪያ 4 ባር (10 ሰከንድ) እንዳለ ቆይቶ፣ ከዚያ በ8 ባር (20 ሰከንድ) ቀስ እያለ ይክሰም እንላለን። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ተጫዋቹ ሙዚቃውን አምኖ መውጣት ስለማይችል ዓይኑን አምኖ ያያል። የድብቅ ጌም ደግሞ ይኸው ነው።

አሁን የምንከራከርበት ዋናው ነገር ቀረ። ከግድግዳ ጀርባ ያለ፣ አይታችሁት የማታውቁት ዘበኛ ቢጠረጥርና ሁለተኛው ድራብ ቢነሳ፣ ሙዚቃው ሰው መኖሩን አሳበቀ። አንዳንዶች «ስድስተኛ ስሜት ነው» ይላሉ። ለእኛ ግን ማጭበርበር ነው፤ ግድግዳውን ለምን ሠራችሁት ታዲያ? እኛ ብንሠራው ሁለተኛው ድራብ የሚነሳው ተጫዋቹ ሊያየው ወይም ኮቴውን ሊሰማው በሚችለው ዘበኛ ብቻ ይሆናል። አራተኛው ግን የማንም ይሁን የማን፣ ከታዩ ታዩ ነው።

ኮቴ ካልን አይቀር፣ ኬኦስ ቲዎሪ ተጫዋቹ የሚያሰማውን ድምፅ ከአካባቢው ጫጫታ ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ ስክሪኑ ላይ ነበረው። እንዲህ ያለ ጌም ውስጥ ጆሮ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ድራብ ጠቅ ጠቅ በሚል የእንጨት ድምፅ ከተሠራ የጫማ ኮቴ ይመስላል፣ ተጫዋቹም በሌለ ዘበኛ ይደነግጣል። ወይም ይባስ ብሎ ያለውን አይሰማም። ምቱ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ የለዘበ ቢሆን ይሻላል።

ድግግሞሹም አለ። አንድ ጥግ ይዞ 10 ደቂቃ የሚያደፍጥ ተጫዋች ባለ 16 ባሩን ሙዚቃ፣ ማለትም 40 ሰከንዱን፣ 15 ጊዜ ይሰማዋል። ሁለተኛውን ድራብ 12 ባር ብታደርጉት ሁለቱ እንደገና አብረው የሚጀምሩት ከ48 ባር፣ ከ2 ደቂቃ በኋላ ነው። ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን ሰው እንዳይሰለች ያደርጋል።

መጨረሻ ላይ ስክሪኑን ሸፍናችሁ ጓደኛችሁ ሲጫወት ሙዚቃውን ብቻ ስሙ። መቼ እንደተጠረጠረና መቼ እንደታየ መናገር ከቻላችሁ መውጣቱ ተሳክቷል። መቼ በሰላም እንደወጣም በሰከንዱ መናገር ከቻላችሁ ግን መውረጃውን እንደገና ሥሩት።