ፈርሶ ለተሠራ ጽሑፍ የሚጻፍ መልስ

የወላይታ ስም በዓለም የሕክምና ጆርናሎች ላይ ደጋግሞ ይነሣል። አንዱ ምክንያት ዝሆኔ ነው፤ ይኸውም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት ነው። በሽታው በዞኑ ላይ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ ያሰላው ጥናት በ2006 እ.ኤ.አ. በውጭ ጆርናል ታትሟል። አንባቢ እጅ የሚገባው እንዲህ ያለው የታተመ ገጽ ብቻ ነው። ጥናት ግን ለኅትመት ከመብቃቱ በፊት ከገምጋሚዎች ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ አለ። ብዙ ወጣት መምህራኖቻችን ጥሩ መረጃ ይዘው የሚወድቁት እዚያ ደብዳቤ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ አዘጋጁ «ጽሑፉን አፍርሳችሁ እንደገና አዋቅሩ» ሲል የሚጻፈው መልስ የራሱ ችግር አለው።

ነገሩን ለማሳየት አንድ ጽሑፍ እናስብ፤ የማንም አይደለም፣ ለምሳሌ ያህል ነው። በሆቢቻ ወረዳ፣ በቢጠና ዙሪያ፣ ልጆችና ወላጆች ምን ያህል ጫማ እንደሚያደርጉ ይጠይቃል። መረጃ ሰብሳቢዎች 400 ቤተሰቦችን በዓይናቸው ተመልክተዋል፤ ከእናቶችም ጋር ቃለ መጠይቅ አድርገዋል። ጽሑፉ ሁለቱን እያቀላቀለ ይሄዳል። አንደኛው ገምጋሚ መግቢያው አጭር ነው፣ የበሽታው ታሪክ ይስፋ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ መግቢያው ረዝሟል፣ ሁለት ጽሑፍ በአንድ ላይ ታጭቋል ይላል። ይኸው ሰው በመስመር 148 ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ያነሣል፦ «ምልከታው የተደረገው በገበያ ቀን ነው ወይስ በሥራ ቀን? ሰው ገበያ ሲወጣ የሚያደርገውን ጫማ እርሻ ሲገባ ያወልቀዋል።»

ጥያቄው የጥናቱን ልብ ይነካል። ቢጠና ገበያ ላይ የተቆጠረ ጫማ፣ እግሩ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ሰዓት ሰውዬው ጫማ ማድረጉን አያሳይም። ደራሲዎቹ ይህን ተቀብለው ጽሑፉን በአዲስ መልክ ያዋቅሩታል። መግቢያው በግማሽ ይቀንሳል፤ ውጤቱ በገበያ ቀንና በሥራ ቀን ይከፈላል፤ ቃለ መጠይቁ ወደ አንድ ንዑስ ክፍል ይሰበሰባል። አሁን መስመር 148 የሚባል ነገር የለም። በዚያ ቦታ የነበረው አንቀጽ ግማሹ ተሰርዟል፣ ግማሹም ሌላ ክፍል ገብቷል።

ታዲያ ለዚያ ጥያቄ ምን ይመለሳል? የተለመደው «አስተያየቱን ተቀብለናል፤ ተስተካክሏል» የሚል ነው። ለፊደል ግድፈት ይህ ይበቃል። እዚህ ግን ገምጋሚው የት ሄዶ ይፈልገው? ሥራውን የሚሠራው ያለ ክፍያ፣ ከራሱ ጊዜ ቀንሶ ነው። ያየው ጽሑፍ ከፊቱ ጠፍቷል፤ ጥያቄው የት እንደተመለሰ የሚያሳየው ካላገኘ መልስ አልተሰጠኝም ብሎ ይደመድማል፤ አይፈረድበትም።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ከነጥብ በነጥቡ መልስ በፊት ግማሽ ገጽ የሚሆን መግለጫ ይቀድማል። የትኛው ክፍል ወዴት እንደሄደ፣ ምን እንደወጣና ምን በአዲስ እንደተጻፈ በአጭሩ ይነገራል። ለምሳሌ፦ «የቀድሞው ሠንጠረዥ 2 ለሁለት ተከፍሏል፤ የገበያ ቀን ምልከታ በሠንጠረዥ 2፣ የሥራ ቀን ምልከታ በሠንጠረዥ 3 ይገኛል። በውይይቱ ውስጥ የነበሩት የእናቶች ንግግሮች በውጤት ክፍል መጨረሻ ወዳለ አንድ ንዑስ ክፍል ተዛውረዋል።» ይህን ያነበበ ገምጋሚ አዲሱን ጽሑፍ ሲከፍት መንገዱን ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ነጥቦቹ ይገባል። የገምጋሚው ቃል ሳይቆረጥ እንዳለ ይገለበጣል፤ መልሱ ከሥሩ ይጻፋል። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ቢሆን የመስመር 148ቱ መልስ ይህን ይመስል ነበር፦

«ምልከታው በሁለቱም ቀናት ተደርጎ ነበር፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ ግን አንድ ላይ ደምረነዋል። አሁን ለይተነዋል። አንቀጹ ከነበረበት ተነሥቶ ‹የምልከታ ቀናት› በሚል ንዑስ ርዕስ በዘዴ ክፍል ገብቷል። አዲሱ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ ‹እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ አንድ ጊዜ በእርሻ ሥራ ላይ ታይቷል።› ንጹሑ ቅጂ፣ ዘዴ፣ ሁለተኛ አንቀጽ።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የተጠየቀውን በቀጥታ መልሷል። አዲሱ ቃል እዚያው ስለተለጠፈ ገምጋሚው ሌላ ፋይል ሳይከፍት ይፈርዳል። ቦታው ደግሞ በክፍልና በአንቀጽ ተነግሯል። የመስመር ቁጥር ብቻ መስጠት አያስተማምንም፤ ለውጡ በቀለም በሚታይበት ፋይልና በንጹሑ ፋይል ቁጥሩ ይለያያል። ቀለም የተቀባው ፋይልም እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙም አይረዳም። ወርድ ከቦታው ተነሥቶ የተወሰደን አንቀጽ ለይቶ የሚያሳየው አንቀጹ ሳይነካ ሲዛወር ነው፤ ከተነካካ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል እንደተሰረዘ፣ በሌላ በኩል እንደ አዲስ አድርጎ ያቀርበዋል። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ይቀላል። ፋይሉ ይላክ፤ ነገሩን የሚያስረዳው ግን ደብዳቤው ነው።

ሁለት ቦታ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው አስተያየት የተሰጠበት አንቀጽ ሲወጣ ነው። «አንቀጹ ስለተሰረዘ አስተያየቱ አይመለከተንም» የሚል መልስ ማምለጫ ይመስላል። ገምጋሚው «ድህነት ነው ምክንያቱ ያላችሁት በምን ተረጋግጦ ነው?» ብሎ ከነበረና ዐረፍተ ነገሩ ከወጣ፣ ያወጣነው ማስረጃ ስላልነበረን ነው ብሎ መናገር ይሻላል። በአኅጽሮቱ ውስጥ ያው ሐሳብ በሌላ ቃል ተቀምጦ እንዳልቀረም መፈተሽ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሁለተኛው ማንም ሳይጠይቅ የተለወጠ ነገር ነው። ምልከታው በቀን ሲከፈል በሥራ ቀን ያልታዩ 48 ቤተሰቦች ከትንታኔው ወጡ እንበል፤ 400 የነበረው 352 ሆነ። ይህ በደብዳቤው መግቢያ ላይ ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። ገምጋሚው የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስቀምጦታል። ልዩነቱን ራሱ ካገኘው የቀሩትን ቁጥሮች ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል።

የገምጋሚዎቹ አለመስማማትስ? እኛ ዘንድ ታላቅን ሰው እንቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ለሁለቱም «እሺ» ተብሎ መግቢያው በአንድ በኩል ሲሰፋ በሌላ በኩል ይቆረጣል፤ ማንም አይረካም። እኔ የምመርጠው በግልጽ መወሰን ነው፦ «አንደኛው ገምጋሚ እንዲሰፋ፣ ሁለተኛው እንዲያጥር ጠይቀዋል። አዘጋጁ ጽሑፉ በጫማ አጠቃቀም ላይ እንዲያተኩር ስላሳሰቡ አሳጥረነዋል፤ የበሽታውን ታሪክ በሦስት ዐረፍተ ነገር አስቀርተናል።» ይህ መልስ በሁለቱም ሥር ይገባል። በሌላ ወቅት እንደገና መረጃ ሰብስቡ የሚል ጥያቄ ቢመጣና አቅም ባይኖር፣ አንችልም ማለት ነውር አይደለም። ምልከታው በአንድ ወቅት ብቻ መደረጉ ግን በጽሑፉ ውስጥ እንደ ጉድለት ይመዝገብ፤ መደምደሚያውም በዚያው ልክ ይቀንስ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይቶ ለማያውቅ፣ አንዳንድ ጆርናሎች የገምጋሚዎችን ሪፖርትና የደራሲዎቹን መልስ ከጽሑፉ ጋር ያወጣሉ። ዲፓርትመንቶቻችን ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የታተመውን ጽሑፍ ሲያስነብቡ መልሱንም አብረው ቢያስነብቡ እወዳለሁ።

ከመላኩ በፊት ደግሞ ጽሑፉን ያልጻፈ አንድ ባልደረባ ደብዳቤውንና ንጹሑን ቅጂ ይያዝ፤ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ቦታ ፈልጎ ያግኝ። ይህ መደረግ ያለበት በጆርናሉ ሲስተም ላይ ፋይሎቹ ተጭነው ፒዲኤፉ ከተሠራ በኋላ፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ ከመጫኑ በፊት ነው፤ ሲስተሙ አንዳንዴ የራሱን የመስመር ቁጥር ይጨምራል፤ ገምጋሚው የሚያየውም ያንን ነው።