«በወርቅ ጊዜያችሁ» የሳቁት ሰዎች

ሰሞኑን አንድ ስክሪንሾት ከግሩፕ ወደ ግሩፕ እየተዘዋወረ እኔም ዘንድ ደረሰ። አንዲት ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከዋጫ ቦንጋ ሄዳ፣ በማግስቱ ለጠያቂዎቿ የላከችው አጭር የእንግሊዝኛ የምስጋና መልእክት ነው። ስሟ ተሸፍኗል፤ ስልኳ ግን በግማሽ ይታያል። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። «ዲግሪ ይዛ ይቺን?» ያለም አለ።

ልጅቷን አፈላልጌ አገኘኋት። ስሟንና የድርጅቱን ስም እንዳልጠቅስ ጠይቃኛለች፤ አልጠቅስም። ስለ መልእክቱ ግን ጻፍ ብላኛለች። እኔም የምጽፈው የሳቁት ሰዎች ምን እንዳላነበቡ ለማሳየት ነው።

ሥራው የንብረት ክፍል ሠራተኛነት ነው። ዕቃ ገቢና ወጪ ማድረግ፣ ቢን ካርድ መሙላት፣ በየጊዜው ቆጠራ ማካሄድ። ቃለ መጠይቁ የተደረገው በአማርኛ ነበር። ልጅቷ አፏን የፈታችው በካፊ ኖኖ ነው፤ በ2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ኮሌጅ የተማረችው ደግሞ በእንግሊዝኛ። በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ቋንቋ ማሰብ ነበረባት ማለት ነው።

መልእክቱ አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያው «ጎልደን ታይማችሁን» ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ ትላለች። በሁለተኛው በጥያቄዎቻችሁ ደስ ብሎኛል ለማለት «ሃፒ ባይ ዩር ኩዌስቸንስ» ብላ ጻፈች። በመጨረሻው «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብላ ዘጋች። ሳቁ በሙሉ የመጣው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

እስቲ ስህተቶቹን እንያቸው። «ጎልደን ታይም» የኛ «ውድ ጊዜ» ነው። የአክብሮት ቃል ፈልጋ ከአማርኛው ትከሻ ላይ አወረደችው። «ባይ» ደግሞ «በጥያቄዎቻችሁ» ላይ ያለችው «በ» ናት፤ እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ ላይ «ዊዝ» ይፈልጋል። «ሂር» መሆን የነበረበት «ሂሪንግ» ነው፤ ይህን ግን ከሳቁት መካከልም ስንቱ በትክክል እንደሚጽፈው እኔ አልምልም። ሦስቱም ስህተቶች የሐሳብ ስህተት አይደሉም። አንዳቸውም ቢሆኑ ምን ለማለት እንደፈለገች አላደናገሩም።

ማንም ያልሳቀበትና ማንም ያላነበበው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ «ቆጠራው ከቢን ካርዱ ጋር ባይገጥም ምን ታደርጊያለሽ?» ተብላ ነበር። ደንግጣ «ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ» ብቻ አለች። ማታ ዋጫ ስትመለስ መልሱ ትዝ አላት። በመልእክቷ ላይ እንዲህ ስትል አከለችው፦ መጀመሪያ ዕቃውን እንደገና እቆጥራለሁ፤ ቀጥሎ ወጪ ተደርጎ ካርዱ ላይ ያልተመዘገበ ሰነድ መኖሩን አያለሁ፤ ልዩነቱ ከዚያም በኋላ ካለ በጽሑፍ ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ።

መጋዘን ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ቆጠራና ካርድ ሳይገጥም ሲቀር ሁሌ ሌብነት አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዕቃው ወጥቶ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ አድሮ ነው። ይህን ሳያጣራ ወደ ኃላፊ የሚሮጥ ሠራተኛ ንጹሕ ሰው ያስጠረጥራል። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ጠያቂዎቹ በመጡበት ጉዳይ ላይ ከሁሉ የተሻለውን መልስ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ እነሱ «ባይ»ን ይዘው ቀሩ።

«ካልቻለች ለምን በእንግሊዝኛ ጻፈች?» የሚል አለ። እኔም ጠይቄያት ነበር። «ወንድሜ፣ በአማርኛ ብጽፍላቸው ልመና ይመስልብኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአማርኛ ለማያውቁት ሹም ስንጽፍ ያለን ቅርጽ የማመልከቻ ቅርጽ ነው፤ «በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ» ብለን እንጀምርና ደጅ ጥናት ይሆናል። እርስዎ ልበል፣ እናንተ ልበል የሚለውም አለ። የእንግሊዝኛው «ዩ» ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። በዚያ ላይ የሥራ ፍለጋ አሠልጣኝ ተብዬው «በ24 ሰዓት ውስጥ በእንግሊዝኛ ካላመሰገናችሁ አትቀጠሩም» ብሏታል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ይህ አሠልጣኝ ነው። የምስጋናው መልእክት ሥር የሰደደው በተለይ በአሜሪካ ነው። እዚያም ቢሆን ያከራክራል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከኢንሳይደር ከፍተኛ አርታኢዎች አንዷ የነበረችው ጄሲካ ሊብማን፣ የምስጋና ኢሜይል ያልላከን ሰው አትቅጠሩ የሚል ጽሑፍ አውጥታ ብዙ ሰው ተነስቶባታል። ተቃዋሚዎቿ ያሉት ግልጽ ነበር፦ ማንም ባልጻፈው ሕግ ሰውን መጣል፣ ሕጉን በጆሮው የሚነግረው ዘመድ ያለውን ብቻ መቅጠር ነው። ለአሜሪካ ልጅ ያልተጻፈ ሕግ ከሆነ፣ ለጨናና ለዴቻ ልጅ ምን ሊሆን ነው?

እኛ ጋ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ ነጥብ ተደምሮ ውጤት ይወጣል። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የምስጋና ዓምድ የለም። ለአንድ የኮሚቴ አባል በግል ስልኩ የተላከ መልእክት እዚያ ጨዋነት ሳይሆን ምልጃ መስሎ ሊታይ ይችላል። አሠልጣኙ ይህን አልነገራትም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ለመንግሥት ሥራ ውድድሩ ሳያልቅ ለማንም በግል አትላኩ። ለድርጅት ከሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ በተሰጠው አድራሻ፣ ቃለ መጠይቁ በተደረገበት ቋንቋ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ አንዱ ያልጨረሳችሁት መልስ ይሁን።

የሚገባኝ መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው። ሥራው ለውጭ ለጋሾች በእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ ቢሆን ኖሮ «ባይ» እና «ዊዝ» ጉዳይ ነበሩ። ያኔም ቢሆን መንገዱ ሁሉንም ተወዳዳሪ እኩል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማስጻፍ ነው። ያልላከው ሰው እንግሊዝኛ ሳይፈተን የላከችውን ብቻ መመዘን፣ ምስጋና ያቀረበን በምስጋናው መቅጣት ነው።

ለመሆኑ ሳቁን የጀመረው ማን ነው? መልእክቱ የተላከው ለድርጅቱ ስልክ ነው። ያ ስልክ ያለው ጠያቂ ዘንድ ነው። የአመልካችን መልእክት ከመሥሪያ ቤት ስልክ አውጥቶ ለመዝናኛ የበተነ ሰው፣ ነገ የመጋዘን ሰነድ አይበትንም ያለው ማን ነው? የታማኝነት ፈተናው ቀርቦ ከሆነ የወደቀው በጠረጴዛው በዚያኛው ወገን የተቀመጠው ነው።

እሷ እስካሁን «አልፈሻል» ወይም «አላለፍሽም» የሚላት አላገኘችም። «ሂር» በ«ሂሪንግ» ቢታረምም የሚሰማ ነገር የለም። ለጠራችሁት ሰው ሁሉ «ቦታው በሌላ ሰው ተሞልቷል፤ ስለመጣህ እናመሰግናለን» ብሎ መላክ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በካፊ ኖኖም፣ በአማርኛም፣ በፈለጋችሁት የተሰባበረ እንግሊዝኛም ይሁን። እኛ አንስቅም።