አንድ ቀን ሰባት ቦታ አይችልም

ካዛንችስ የስብሰባ ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያው ስላለ፣ በዙሪያው ያሉት ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ ለጉባኤ የመጣ እንግዳ አያጡም። አብዛኛው እንግዳ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አንድ ትርፍ ቀን ይኖረዋል፤ በረራው ደግሞ ማታ ነው። ያቺ አንዲት ቀን ናት እንግዲህ የምትጨናነቀው። ተቀባይ ዘመድ ወይም አስጎብኚ በዋዜማው ቁጭ ብሎ የሚያወጣት መርሐ ግብር ብዙውን ጊዜ ይህን ትመስላለች፦ ከጠዋቱ 2፡30 አፍሪካ አዳራሽ፣ 3፡30 ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ 4፡30 አንድነት ፓርክ፣ 6፡00 ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ 7፡00 ምሳ፣ 8፡00 እንጦጦ፣ 10፡00 የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ 11፡00 ገርጂ ዘመድ ቤት ቡና፣ ምሽት 1፡00 ሻንጣ ለመውሰድ ወደ ሆቴል፣ 2፡00 ቦሌ አየር ማረፊያ። ወረቀት ላይ ሁሉም ይገጥማል። እኔ ግን እንዲህ ያለው መርሐ ግብር በሩጫ የሚስተካከል አይመስለኝም። መስተካከል የሚችለው ተቀንሶ እንደገና ሲጻፍ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሰዓቱ ከሚሰላበት መንገድ ነው። ዕቅድ አውጪው ለአንድ ቦታ አንድ ሰዓት ሲመድብ የሚታየው ጉብኝቱ ብቻ ነው። ከበር እስከ በር ያለው ጊዜ ግን ከዚያ ይሰፋል። መኪና ይጠበቃል፣ ይኬዳል፣ መውረጃ ቦታ ይፈለጋል፣ መታወቂያ ይታያል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ መጸዳጃ ቤት ይገባል፣ የተበተነው ሰው እስኪሰበሰብ ይቆማል። አፍሪካ አዳራሽና ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው መንገድ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱም ግን ሳይፈተሹ የሚገባባቸው በሮች አይደሉም። በካርታ ላይ ያለው ርቀት አጭር ሆኖ በሩ ላይ ያለው ጊዜ ረጅም የሚሆንበት ሰፈር ነውና፣ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ሰዓት የሚመድብ ሰው ገና ከጠዋቱ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ መዘግየት ይተላለፋል፣ መቅደም ግን አይተላለፍም። ከአንድ ቦታ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ የወጣ እንግዳ ሃያ ደቂቃውን ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ቀድሞ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ የቀጠሮውን ሰዓት ወይም የበሩን መከፈት ቆሞ ይጠብቃል፤ ያተረፈው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በቀኑ ውስጥ ያሉት ትርፍና ኪሳራዎች እርስ በርስ አይካካሱም፤ የሚጠራቀመው ኪሳራው ነው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ቦታ በሰዓቱ የመጠናቀቅ ዕድሉ ከአሥር ስምንት ነው እንበል። ይህ ለጋስ ግምት ነው። ሰባቱም በሰዓታቸው የመጠናቀቅ ዕድላቸው ግን ስምንት አሥረኛ ሰባት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ከአምስት ቀን በአንዱ ብቻ ማለት ነው። ሦስት ቦታ ቢሆን ከሁለት ቀን በአንዱ ይሳካል። አስጎብኚው ምንም ሳይሰንፍ፣ ቁጥሩ ብቻውን ቀኑን ያበላሸዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ድክመት አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዱት፣ ሰው ለሥራው ጊዜ ሲገምት ሁሉም ነገር ያለ እንቅፋት ሲሄድ ያለውን ሥዕል ይገምታል፤ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ግን አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ያሉ ተማሪዎች የፈጀባቸው 55 ቀን ገደማ ነበር። መድኃኒቱም ከዚሁ ይወጣል። ባለፈው ጊዜ ይህን ዙር የዞረውን እንግዳ፣ ሾፌሩን ወይም አስጎብኚውን “ስንት ሰዓት ወጥታችሁ ስንት ሰዓት ገባችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነው። “ስንት ይፈጃል?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ምኞት ይሆናል፤ “ስንት ፈጀ?” ሲባል ግን የሆነው ይነገራል።

ድካም ደግሞ ብቻውን መታየት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንጦጦም ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ይልቃል። ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ሰው የካዛንችስን ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቢያጥር የሚገርም አይደለም። ሙዚየም ውስጥ ቆሞ መዋልም የራሱ ድካም አለው። የቦስተን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 ጎብኚ ዕቃ ለማየት እንዴት እንደሚጎብጥና እንደሚንጠራራ በፎቶግራፍ አሳይቶ ጽፎበታል። ከአካል ድካም በላይ የሚከብድም አለ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሙዚየም የተገደሉ ሰዎችን አፅም፣ ልብስና ፎቶግራፍ የያዘ ነው። ይህን ያየ ሰው “ቶሎ በል፣ መኪናው ቆሟል” ሊባል አይገባውም። ከዚያ በኋላ የሚኖረው ባዶ ሰዓት ለመዘግየት የተቀመጠ መጠባበቂያ ብቻ ሳይሆን የጉብኝቱ ራሱ አካል ነው።

እንግዲህ ያን መርሐ ግብር እንዴት እንደገና እንጻፈው? መጀመሪያ የማይንቀሳቀሰው ይቀመጣል፦ ምሽት 2፡00 አየር ማረፊያ መገኘት። ቀጥሎ እንግዳው ባያደርገው የሚቆጨው ነገር ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሐውልት ሳይሆን ዘመድ ነው። ስለዚህ የገርጂው ቡና ሁለተኛው ቋሚ ይሆናል። ቡናው በግማሽ ሰዓት አያልቅም፤ አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን ትቶ መነሣት የቤቲቱን እመቤት ቅር ያሰኛል። ከሁለት ሰዓት በታች የሚመደብለት ከሆነ ባይኬድ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ነው ቦታ የሚመረጠው፤ መመዘኛውም ቅርበት ነው። አፍሪካ አዳራሽና ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ናቸው፤ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ ይቆያሉ። አንድነት ፓርክ ቅርብ ቢሆንም በራሱ ግማሽ ቀን የሚፈልግ ነውና ይሰረዛል፤ ፒያሳና እንጦጦም ይሰረዛሉ።

አዲሱ ቀን እንዲህ ይሆናል። ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡30 አፍሪካ አዳራሽ፤ ቀጠሮው ግን አስቀድሞ የተያዘ መሆን አለበት። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ ከዕድሳት በኋላም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም የተከፈተ ነው። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ብቻ ለማየት ቁጭ የሚባልበት ጊዜ ያስፈልጋል። ከ5፡00 እስከ 6፡30 ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት። ከ6፡30 እስከ 8፡00 ምሳ፤ እዚህ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱ መጠባበቂያ ነው። ከ8፡00 እስከ 9፡15 የቀይ ሽብር ሙዚየም። ከዚያ ወደ ሆቴል ተመልሶ ጋደም ማለት። ለዚህ በዋዜማው ሆቴሉ የመውጫውን ሰዓት እንዲያራዝም ይጠየቃል። 10፡00 ላይ ሻንጣን ይዞ ወደ ገርጂ ጉዞ። መሥሪያ ቤት 11፡30 ላይ ሳይለቀቅ መንገዱ ያልቃል፤ ገርጂም ለአየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ወደ ካዛንችስ ተመልሶ ሻንጣ የመውሰዱ ጉዞ ይቀራል። ምሽት 1፡00 ከዘመድ ቤት መነሣት። ለአጭሩ መንገድ አንድ ሙሉ ሰዓት አለ ማለት ነው።

መጠባበቂያው የት እንደተቀመጠ ልብ ይበሉ። በየቦታው አምስት አምስት ደቂቃ እየተረጨ ቢሆን ኖሮ ሳይታይ ያልቅ ነበር። ተሰብስቦ የተቀመጠው ምሳ ላይ፣ ከከባዱ ሙዚየም በኋላና ከአውሮፕላኑ በፊት ነው። አንድ ተጨማሪ ውሳኔም በዋዜማው ይጻፋል፦ 8፡15 ላይ ምሳው ካላለቀ የቀይ ሽብር ሙዚየም ይቀራል። ይህ አስቀድሞ ከተነገረ እንግዳውም ተቀባዩም በዚያች ሰዓት አይከራከሩም። መርሐ ግብሩ እየተበላሸ መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ መጠባበቂያው ከምሳ በፊት ካለቀ የሚቀረው ቀን መቀነስ አለበት እንጂ መፋጠን የለበትም።

የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንዱ “ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ተመልሶ ላይመጣ ይችላልና ብዙ ይይ” የሚለው ነው። ከልብ የመነጨ ደግነት ነው። ነገር ግን ሰባቱን የጻፈ ሰው ሰባቱን አያሳይም። አራት ወይም አምስት ያሳያል፤ የሚቀሩትን የሚመርጠው ደግሞ እሱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። መዘግየት ሁልጊዜ የሚቆርጠው ከመጨረሻው ስለሆነ፣ በመጀመሪያው መርሐ ግብር ላይ የሚሠዋው የዘመድ ቡና ነው። ስለዚህ ምርጫው በሰባትና በአራት መካከል አይደለም፤ አስበን በተውነውና ሳናስብ ባጣነው መካከል ነው።

ሌላው “ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል” የሚል ነው። ካዛንችስ በ2017 ዓ.ም. በእርግጥ ተለውጧል፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ በእግር መሄድም ቀሏል። ይህ ቅርብ ቅርቡን የመምረጥን ሐሳብ የበለጠ ያጠናክረዋል። ዕቅድን የሚሰብረው ግን የተለመደው ቀን ሳይሆን ያልተለመደው ነው። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ መሪ ሲያልፍ፣ መስቀል አደባባይ ለደመራ ወይም ለታላቁ ሩጫ ሲዘጋጅ፣ ኢሬቻ ሲከበር፣ ሰፊውም መንገድ ይዘጋል። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ።

“ምንም ባይዘገይስ? ባዶው ሰዓት ይባክናል” የሚሉም አሉ። በዚህ ሰፈር አይባክንም። የተረፈ ሰዓት ካለ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለስ፣ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ መቀመጥ ወይም ለገሀር ድረስ ወርዶ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ማየት ይቻላል። ትኬትና ቀጠሮ የማይፈልጉ ስለሆኑ በትርፍ ጊዜ የሚጨመሩ፣ ጊዜ ሲጠፋ ማንም የማይቆጭባቸው ናቸው። ሲጨናነቅ ለመሰረዝ ከመገደድ ይልቅ ሲመች መጨመር ይሻላል። ለአስጎብኚ ድርጅቶችም የምለው ይኸው ነው፦ ለደንበኛው የምትሰጡት ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ይኑር። አንዱ ቃል የምትገቡባቸው ሦስት ወይም አራት ቦታዎች፣ ሌላው ሰዓት ከተረፈ የሚታዩት። እንግዳው ማታ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ቃል የተገባለትን ሁሉ አግኝቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ያየው ሁሉ ትርፍ ነው።