ሰማያዊው ስክሪን የጻፈው ስም የጥፋተኛው ነው?

አንድ ላፕቶፕ እናስብ። ባለቤቱ የዋይፋይ ድራይቨሩን አፕዴት አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት፣ በተለይ ከኢንተርኔት ትልቅ ፋይል ሲያወርድ፣ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና `DRIVER_IRQL_NOT_LESS_OR_EQUAL` የሚል ኮድ ያወጣል። ከሥሩ ደግሞ `What failed: ndis.sys` የሚል መስመር አለ። ይህን ላፕቶፕ ሥራውን ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሁለት ባለሙያዎች ብናሳይ የተለያየ ምክር ልንሰማ እንችላለን። አንዱ አዲሱን ድራይቨር አውጥቶ የቀድሞውን መመለስ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ማሽኑ ሲቆም የጻፈው መዝገብ ሳይነበብ ምንም አይነካ ይላል። ሁለቱም ምክሮች በቂ ምክንያት ያላቸው ይመስለኛል። የቱ እንደሚቀድም ለመወሰን ግን ኮዱ ራሱ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል።

ዊንዶውስ ፕሮሰሰሩ የሚሠራውን ሁሉ በአጣዳፊነት ደረጃ ይከፍለዋል። ተራ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዜሮ ደረጃ ነው። ከዋይፋይ ካርዱ የደረሰ መረጃን መቀበልን የመሰለ ሥራ ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ደረጃ ይከናወናል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ኮድ ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድለትም፤ ተራ የሚያከፋፍለው የዊንዶውስ ክፍልም የሚሠራው እዚያው ደረጃ ላይ ነውና። በሌላ በኩል ዊንዶውስ ሚሞሪ ሲጠበው ለጊዜው ያልተፈለገውን ክፍል ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ዲስክ ላይ ያለውን መልሶ ለማምጣት ደግሞ የግድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ2ኛው ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ያለ ድራይቨር አሁን ሚሞሪ ውስጥ የሌለ ወይም ከነጭራሹ ትክክል ያልሆነ አድራሻ ከነካ፣ ዊንዶውስ የሚቀጥልበት አስተማማኝ መንገድ የለውም። ፋይሎች ከሚበላሹ ብሎ ሆን ብሎ ራሱን ያቆማል። ኮዱ በቁጥር ሲጻፍ `0xD1` ነው። የሚነግረን የተጣሰውን ሕግ ነው፤ ሕጉን ማን እንደጣሰ መናገር የሚችለው ግን በከፊል ብቻ ነው።

ቶሎ ወደ ቀድሞው እንመለስ የሚሉት ወገኖች ከሁሉ በፊት የሚጠቅሱት ጊዜውን ነው። ለወራት ያለ ችግር የሠራ ማሽን ድራይቨሩ በተቀየረ ሰሞን መውደቅ ከጀመረ፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት የተቀየረውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ኮድ በአብዛኛው ከድራይቨር ስህተት ጋር መያያዙም ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል። ሥራውም ቀላል ነው፤ በ`Device Manager` ዋይፋዩን ከፍቶ `Driver` ከሚለው ገጽ `Roll Back Driver` የሚለውን መጫን ነው። የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ ሰነድ አይነካም፣ ካልጠቀመም ድራይቨሩን መልሶ ማደስ ይቻላል። ነገ የሚያስረክበው ሥራ ላለው ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ከሆነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ከሚታዘዘው ከፎርማት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በጣም ለስላሳ እርምጃ ነው።

ሆኖም የጊዜው መገጣጠም የሚመስለውን ያህል ጠንካራ ማስረጃ ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ አፕዴት በአንድ ሌሊት ከአንድ በላይ ነገር ሊቀይር ይችላል፤ ባለቤቱ የሚያስታውሰው ግን አንዱን ብቻ ነው። ጥፋቱን ያመጣው ለውጥ በድራይቨሩ ላይ ላይሆንም ይችላል። ሐምሌ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር ምክንያት የወደቁትን፣ ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ገደማ ብሎ የገመታቸውን የዊንዶውስ ማሽኖች እናስታውስ። ስክሪኑ ላይ የወጣው የዚያ ሶፍትዌር ድራይቨር ስም ነበር። በዚያ ቀን የተለወጠው ግን ድራይቨሩ የሚያነበው የመረጃ ፋይል እንጂ ድራይቨሩ ራሱ አልነበረም። የድራይቨር ቀን ብቻ ያየ ሰው ምክንያቱን ባላገኘው ነበር።

በእኛ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። `ndis.sys` የማይክሮሶፍት ፋይል ነው። የኔትወርክ ድራይቨሮች ሁሉ የሚያልፉበት የጋራ ክፍል ስለሆነ ከበላዩም ከበታቹም የሌሎች ኮድ ይሠራል፤ የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር፣ የቪፒኤን ማጣሪያ፣ የአንቲቫይረስ ማጣሪያ። አንዱ የተበላሸ አድራሻ አቀብሎት `ndis.sys` ሲጠቀምበት ቢወድቅ፣ ስክሪኑ የሚጽፈው የወደቀውን ነው። መዝገቡ ይነበብ የሚሉት ወገኖች ጠንካራው መከራከሪያቸው ይህ ነው።

መዝገቡ ዊንዶውስ በወደቀ ቁጥር የሚጽፈው ፋይል ነው። ትንንሾቹ ቅጂዎች `C:\Windows\Minidump` ውስጥ ቀን እየተጻፈባቸው ይቀመጣሉ። ከማይክሮሶፍት በነጻ በሚገኘው `WinDbg` ከፍተው ይህን ይጽፋሉ፦

```
!analyze -v
```

ከሚወጣው ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ኮድ በቅድሚያ የሚጠቅሙት አራት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው የተነካው አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው የአጣዳፊነቱ ደረጃ። ሦስተኛው ለማንበብ ወይስ ለመጻፍ እንደተነካ ይናገራል፤ ዜሮ ከሆነ ማንበብ፣ አንድ ከሆነ መጻፍ ነው። አራተኛው አድራሻውን የነካው ኮድ ያለበትን ቦታ ያሳያል። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው `0x28`፣ ሁለተኛው `2`፣ ሦስተኛው `0` ናቸው እንበል። `0x28` ለዜሮ በጣም የቀረበ አድራሻ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው፣ ኮዱ ባዶ የሆነን ጠቋሚ እውነተኛ መስሎት ከዚያ ጥቂት ባይት ራቅ ብሎ ሊያነብ መሞከሩን ነው። ይህ ወደ ሶፍትዌር ስህተት ያመዝናል። የሚሞሪ ቺፕ መበላሸት በየጊዜው ይህንኑ አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያመጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ቀጥሎ `STACK_TEXT` የሚለው ክፍል ማን ማንን እንደጠራ ይዘረዝራል። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ የዋይፋይ ድራይቨሩ ፋይል ከ`ndis.sys` በፊት ከታየ፣ የጊዜው ጥርጣሬ አሁን ሁለተኛ ምስክር አገኘ ማለት ነው። በፋይሉ ቦታ የቪፒኤን ስም ቢገኝ ኖሮ ድራይቨሩን መመለስ ከንቱ ድካም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር።

ይህም መንገድ ቢሆን ወጪና ወሰን አለው። `WinDbg` የዊንዶውስን ተግባራት በስማቸው ለመጥራት ከማይክሮሶፍት ተጨማሪ ፋይሎች ማውረድ ይፈልጋል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ትንሹ መዝገብ የያዘው ከሚሞሪው ጥቂቱን ስለሆነ ሁልጊዜ አይበቃም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ አንድ ድራይቨር የሌላውን ሚሞሪ አበላሽቶ ከሄደ በኋላ ውድቀቱ ዘግይቶ በሌላው ላይ ሊመጣ መቻሉ ነው። በዚያን ጊዜ መዝገቡ የሚያሳየው ተጎጂውን ነው። ለዚህ የተሠራ `Driver Verifier` የሚባል መሣሪያ በዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ የተመረጡ ድራይቨሮችን እየተከታተለ ጥፋት ሲያገኝ ማሽኑን እዚያው ያቆማል። ነገር ግን ጥፋቱ ማሽኑ ሲነሳ ከተፈጸመ ላፕቶፑ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ያኔ በሴፍ ሞድ ገብቶ `verifier /reset` ማለት ያስፈልጋል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል። ቁልፉ እጁ ላይ የሌለ ሰው ይህን መሣሪያ ባይጀምረው እመርጣለሁ።

ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስም ዋጋ የማይከፈልበት እርምጃ አይደለም። ማሽኑ ስለተረጋጋ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ የዋይፋይ አፕዴቶች የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍኑ ናቸው። በ2021 ይፋ የሆኑት፣ ፍራግአታክስ የተባሉት የዋይፋይ ድክመቶች በከፊል የተደፈኑት በድራይቨር አፕዴት ነበር። ስለዚህ አሮጌውን ይዞ ለወራት መቆየት ከመውደቅ የሚያድን ቢሆንም፣ በካፌና በሆቴል ዋይፋይ ለሚሠራ ሰው ሌላ በር ክፍት ሊተው ይችላል። መቼም እንዳታድሱ የሚለውን ምክር ስሰማ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ያም ሆኖ በየሰዓቱ የሚወድቅ ማሽን ያልተቀመጠ ሥራ እየበላ ነውና፣ በጊዜያዊነት መመለስን ስህተት ማለት አልችልም።

ወደ መካከሉ የሚያደርሰኝ ሁለቱ ምክሮች እርስ በርስ የማይከለካከሉ መሆናቸው ነው። የመዝገቡን ፋይል ወደ ፍላሽ መገልበጥ አፍታ ነው፤ ባለቤቱ ማንበብ ባይችል እንኳ የሚያነብለት ሊያገኝ ይችላል። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ግን ያ ምስክር የለም። ከተገለበጠ በኋላ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ ሲመለስ ግን እንደ ሙከራ ቢታይ መልካም ነው። በዚያ ሰሞን ሌላ ምንም ነገር አለመቀየር፣ ዊንዶውስ ያንኑ አፕዴት መልሶ እንዳይጭነው ለጊዜው ማቆም፣ ቀጥሎም ሪስታርት ማድረግ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ `Shut down` የዊንዶውስን ውስጣዊ ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ መልሶ የሚያነሳ ስለሆነ፣ ከዜሮ ለመጀመር `Restart` ይሻላል። ከዚያ ያንን ትልቅ ፋይል የማውረድ ሥራ ደጋግሞ ማሠራት ነው። በፊት በየሁለት ቀኑ ይወድቅ የነበረ ማሽን ሦስት ቀን ሳይወድቅ ስለቆየ ብቻ ዳነ ለማለት አልቸኩልም፤ ሳምንት ከዚያም በላይ ቢጠበቅ ይመረጣል። `Roll Back Driver` ደብዝዞ አልጫን ካለ ማሽኑ የቀድሞውን ቅጂ አላስቀመጠም፤ ያኔ ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ለዚያው ሞዴል ካወጣቸው ድራይቨሮች መውሰድ ይቻላል።

ማሽኑ ከተረጋጋ በአሮጌው ላይ መቆየት የሚያስፈልገው ከተበላሸው ቀጥሎ ያለው አፕዴት እስኪወጣ ነው። አሮጌው ድራይቨር ተመልሶ ያው ኮድ በዚያው `0x28` ከመጣ ደግሞ አፕዴቱ ነጻ ሊወጣ ነው፤ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቪፒኤኑ ወይም አንቲቫይረሱ ነው፣ አንድ በአንድም ማውጣት ይገባል። ኮዱ በየጊዜው የሚለዋወጥ፣ ዛሬ ይህ ነገ `MEMORY_MANAGEMENT` የሚሆን፣ አድራሻውም አንድ ላይ የማይረጋ ከሆነ ግን ስለ ድራይቨር መከራከሩን ለጊዜው ትቶ `mdsched` በሚለው ትእዛዝ ሚሞሪውን ማስፈተሽ ይቀድማል። ያ ፍተሻ ስህተት ካገኘ በቂ ምልክት ነው። ምንም አላገኘሁም ካለ ግን ሚሞሪው ጤነኛ መሆኑን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም፤ ለሌሊት በተተወ ረዘም ያለ ፍተሻ መድገም ያስፈልግ ይሆናል።