ለፎገራ ጎርፍ፦ ዘካው ለብቻ፣ ሰደቃው ለብቻ



ርብና ጉማራ ዘንድሮም ከዳራቸው ወጥተው የፎገራን ሜዳ አልብሰውታል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ወረታ አካባቢ ግራና ቀኝ የሚያየው ያ የሩዝ ማሳ አሁን ውሃ ነው። ጀመዓችን ለተጎጂዎች መዋጮ ሊያሰባስብ ተስማምቷል። ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ግን ሦስት ነገር ልንነግራችሁ ይገባል፦ ምን እንደምንገዛ፣ ለማን እንደምንሰጥ፣ ገንዘቡንም እንዴት እንደምንይዝ። በተለይ የመጨረሻው ላይ ጠንከር ያለ አቋም ስላለን ጽሑፉ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ አፈሩን እዚያው ይጥሉታል፤ የወንዙ ወለል በየዓመቱ ከፍ እያለ ስለሚሄድ ውሃው ዳር ዳሩን ይፈሳል። በዚያ ላይ ጣና ራሱ ከክረምቱ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው ከፍ የሚለው። ስለዚህ ዝናቡ ቢያባራም ውሃው መሄጃ አጥቶ ሳምንታት ይተኛል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ በአንድ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሎ አልፏል። የፎገራው እንደዚያ አይደለም። እዚህ ጎርፉ በአብዛኛው ሰውን በድንገት አይወስድም፤ ማሳውን፣ የጭድ ክምሩንና የጉድጓድ ውሃውን ነው የሚወስደው። እርዳታውም ይህንን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ሙሉ ቀለብ ማቅረብ ከአቅማችን በላይ ነው። በአገራችን የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት እህሉ ብቻ 75 ኪሎ ይሆናል። ይህን በአብዛኛው መንግሥትና ትልልቅ ድርጅቶች ያቀርባሉ። እኛ የመረጥነው በቀለቡ ሥር ተደብቀው የሚረሱ ሁለት ነገሮችን ነው።

አንደኛው የሚጠጣ ውሃ ነው። ጎርፍ ሽንት ቤቱንና ጉድጓዱን ያደባልቃል፤ ከዚያ ተቅማጥ ይከተላል። የታሸገ ውሃ እንላክ ያላችሁ ወዳጆች አላችሁ። አስቡት፦ አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና በቀን 15 ሊትር ያስፈልገዋል ከተባለ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 50 ባለ 1.5 ሊትር ጠርሙስ ማለት ነው። አይቻልም። ስለዚህ ለየቤቱ ሁለት ባለ 20 ሊትር አዲስ ጀሪካን፣ ውሃ አጋርና ሳሙና እንገዛለን። ውሃ አጋር በተለምዶ ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን፣ ውሃው ከደፈረሰ ሁለት ክዳን ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። የደፈረሰውን ውሃ አስቀድሞ አስቀምጦ ማጥለልና በጨርቅ ማጥራትም ያስፈልጋል፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይጨርሰዋልና። ስናድል በቃል ብቻ ተናግረን አንመለስም፤ አንድ ጀሪካን ፊታቸው ላይ አክመን እናሳያለን።

ሁለተኛው የሽምብራ ዘር ነው። ውሃው ሲሸሽ መሬቱ እርጥበቱን እንደያዘ ይቆያል፤ የፎገራ ገበሬም በዚያ እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሩዙ የጠፋበት ሰው በዚህ ዓመት ያለው ትልቁ ዕድል ይህ ነው። ጎርፉ ግን ጎተራ የነበረውን ዘር አበስብሶታል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ያህል፣ 30 ኪሎ ገደማ ሽምብራ ይበቃል። ጓያውን አንገዛም። ውሃ ስለሚችል ለመዝራት ይቀላል፤ ቸግሮት እሱኑ ብቻ ለወራት የበላ ሰው ግን እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል፤ አካባቢውም ይህን በሽታ ያውቀዋል።

ዘሩ የሚደርስበት ጊዜ ልክ መሆን አለበት። ቀለብ ሳይታደል ቀድሞ ከደረሰ ይቆላና ይበላል፤ ልጁ የራበው ሰው ቢያደርገው አይፈረድበትም። ውሃው ሳይጠነፍፍ ከተዘራ ደግሞ ሽምብራ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጀሪካኑን አሁን፣ ዘሩን ውሃው ከሸሸ በኋላ በሁለተኛ ዙር እናደርሳለን። ከመግዛታችን በፊት የግብርና ተማሪዎቻችን ከየጆንያው 100 ፍሬ ወስደው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩታል። ከ85 በታች ከበቀለ ያንን ሽምብራ አንገዛም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በፎገራ ገጠር ያለው ተጎጂ በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ በወረታ ከተማና በዙሪያው ግን ሙስሊም ቤተሰቦችም አሉ። እኛ የምናድለው በችግር መጠን ነው። እዚህ ላይ አንድ የፊቅህ ጉዳይ ይነሳል፤ ሸፋፍነን ልናልፈው አንፈልግም። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘካ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ለተዘረዘሩት፣ ለድሃና ለምስኪን በሚባለው ድርሻም ለሙስሊሞች እንደሚሰጥ ይናገራሉ። ሰደቃ ግን ለማንኛውም ችግረኛ ይሰጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስማእ ቢንት አቢ በክር ሙሽሪክ ከነበረችው እናቷ ጋር ዝምድናዋን እንድትቀጥል ፈቅደውላታል። በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽም አላህ ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላባረሩን በጎ ከማድረግ እንዳልከለከለን ገልጿል።

ስለዚህ ሁለቱ ገንዘቦች በአንድ ሳጥን መግባት የለባቸውም። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አንድ ዙር ዕቃ ለአንድ ቤት 5,000 ብር ይፈጃል እንበል። ከዝርዝሩ 40 ቤት ቢኖር፣ 6ቱ ሙስሊም፣ 34ቱ ክርስቲያን ይሁኑ። 100,000 ብር ዘካና 100,000 ብር ሰደቃ ሰበሰብን። ድምሩ ለ40ው ቤት በትክክል ይበቃል፤ ሳጥኑ አንድ ቢሆን ደስ ብሎን እናድል ነበር። ሲለይ ግን ከዘካው ለስድስቱ ቤት 30,000 ብር ብቻ ይወጣል። ሰደቃው 20 ቤት ያዳርሳል። 14 ቤት ባዶ እጁን ይቀራል፤ 70,000 ብር ዘካ ደግሞ ሳይነካ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ «ያው ለድሃ ነው» ብሎ ከዘካው መውሰድ ነው። ይህ ዘካውን በሰጠው ሰው አማና ላይ መፍረድ ነው፤ እሱ ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ ተኝቷል። ሌላው ደግሞ ዘካው አለ ብሎ ዝርዝሩን ወደ ሙስሊሞቹ ማዘንበል፣ ችግራቸው ያነሰ ቤቶችን እንኳ መጨመር ነው። ይህም ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል፤ የእርዳታውን ትርጉምም ይገለብጠዋል። ሁለቱንም አናደርግም። የተረፈው ዘካ ሌላ ቦታ ላሉ የሚገባቸው ሰዎች ይደርሳል፣ ይህም በሪፖርቱ ይጻፋል። ዕደላው ቦታ ላይ ግን ሰልፉ አንድ፣ ዕቃው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በመዝገባችን ላይ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ የሚወጣው ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦ በዚህ ጎርፍ ከዘካ ይልቅ የሚያጥረን ሰደቃ ነው። አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች ስለሆናችሁ ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ የላችሁም፤ ዘካም አይመለከታችሁም። ሰደቃ ግን 20 ብርም ሰደቃ ነው። ስትሰጡ ተወካዩ «ዘካ ነው ወይስ ሰደቃ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ኒያው በምትሰጡበት ሰዓት ነውና መልሱ። ካልገለጻችሁ እንደ ሰደቃ ይመዘገባል። ከፋራና ፊድያ በዚህ መዋጮ አንቀበልም።

ሙስሊም ያልሆናችሁ የዶርም ጓደኞቻችንና ጎረቤቶቻችን፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ካላችሁ፣ የእናንተ ስጦታ ከሰደቃው ጋር ይገባል፤ ለማንኛውም ተጎጂ ይደርሳል። በአደራ ብቻ እንድትሰጡን አንፈልግም፤ ቆጠራው ላይም ተገኙ። የግቢ ጉባኤና የሌሎች ኅብረቶች ወንድሞችና እህቶች አንዳንድ ሰው እንዲወክሉልን ጠይቀናል፤ የሰደቃውን ሳጥን ከእኛ ሰዎች ጋር አብረው ከፍተው ይቆጥራሉ፣ ይፈርማሉ።

የቀረው አሠራሩ ነው። ገንዘቡ በማንም ሰው የግል ስልክ ወይም የግል ሒሳብ አይገባም። በጀመዓው ስም በተከፈቱ ሁለት ከወለድ ነፃ ሒሳቦች ብቻ ይቀመጣል፤ ያለ ሦስት ፊርማም አይወጣም። በየብሎኩ ያለው ተወካይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ደረሰኝ ካልሰጣችሁ አትስጡ። ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የሦስት ነጋዴ ዋጋ ይጠየቃል። የመኪናውና የጫኝ አውራጁ ወጪ ከዘካም ከሰደቃም አይነካም፤ ከአባላት ወርሃዊ መዋጮ ይሸፈናል። አሮጌ ልብስ አትላኩልን፤ መለየቱና ማጓጓዙ ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል።

የተቀባዮቹን ዝርዝር የምንወስደው ከቀበሌው ነው፤ እንዳለ ግን አናምነውም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በመሬት ባለቤትነት ስለሚሠራ እኩል አራሹ፣ ባሏ የሞተባት ሴትና ተከራይቶ የሚኖር ሰው ይቀራሉ። ስለዚህ ከዕደላው ሦስት ቀን በፊት ስሞቹ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ጮክ ተብለው ይነበባሉ፤ የቀረና ያለ አግባብ የገባ ካለ ነዋሪው ራሱ ይናገራል። ተቀባዩ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል ወይም ያትማል። ፎቶ የምናነሳው ዕቃውን እንጂ የተቀባዩን ፊት አይደለም።

እያንዳንዱ ዙር ካለቀ በ15 ቀን ውስጥ የገባው፣ የወጣውና የቀረው በዘካና በሰደቃ ተለይቶ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ መዝገቡንም ማየት የፈለገ ሁሉ ያያል። በቁጥሮቹ ላይ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁን፤ መጠየቅ መጠራጠር ነው ብለን አንቀየምም።

ተወካዮቹ ከዛሬ ጀምሮ ከመግሪብ በኋላ በየብሎኩ ይዞራሉ።