ሚና ከነወሰኑ፦ በጋራ ሶፍትዌር የአንዱ ደንበኛ መረጃ ለሌላው እንዳይታይ

መግቢያ

አንድ የሶፍትዌር አገልግሎት በአንድ የመረጃ ቋት ብዙ ደንበኛ ተቋማትን ሲያገለግል፣ የአንዱን መረጃ ከሌላው የሚለየው በየሠንጠረዡ ረድፍ ላይ የተጻፈ አንድ የደንበኛ መለያ ቁጥር ነው። መጠይቁ ይህን ቁጥር ከዘነጋ አንዱ ተቋም የሌላውን መዝገብ ያያል። ይህ ዓይነቱ ጥፋት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ለፕሮግራመሩ መዘናጋት ይሰጣል፤ መፍትሔውም የበለጠ ጥንቃቄ ነው ይባላል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተለየ አቋም ይይዛል። ጥፋቱ በአመዛኙ የሚጠነሰሰው ኮዱ ከመጻፉ በፊት፣ ሚናዎች ሲነደፉ ነው። ሚናው «ምን ማድረግ ይችላል?» የሚለውን መልሶ «በማን መዝገብ ላይ?» የሚለውን ከተወ፣ ቀሪው ሁሉ በፕሮግራመሩ ትዝታ ላይ ይንጠለጠላል።

ሚና ወሰኑን እንዴት አጣ?

ሚናን መሠረት ያደረገ የፈቃድ አሰጣጥ በጥናት መልክ የቀረበው በ1992 እ.ኤ.አ. በፌራዮሎና በኩን ሲሆን፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ሳንዱና ባልደረቦቹ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውን ሞዴል አቅርበዋል። የሐሳቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ፈቃድ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከሚሰጥ ይልቅ ለሥራ መደብ ይሰጣል፣ ሰውም ወደ መደቡ ይገባል። ይሁንና በአንድ ድርጅት ውስጥ «ኦዲተር» ሲባል «የዚህ ድርጅት ኦዲተር» ማለት እንደ ሆነ ማንም ይረዳዋል፤ ወሰኑ ሳይነገር የታወቀ ነው። ያው ቃል ብዙ ድርጅቶችን ወደሚያገለግል ሥርዓት ሲዛወር ያልተነገረው ወሰን አብሮ አይሄድም።

ወሰኑን ለይቶ የመያዝ ልማድ በአገራችን ሥርዓቶችም ይገኛል። ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ አሰባሰብ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተጠቃሚውን ሚና እና ተጠቃሚው የተመደበበትን የአስተዳደር እርከን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመዘግባል። የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ወረዳ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት ሚና ሊሰጣቸው ይችላል፤ የሚያዩት መረጃ የሚለያየው የተመደቡበት እርከን ስለሚለያይ ነው። ይህ ሥርዓት ተፎካካሪ ደንበኞችን ለማስተናገድ የተሠራ አይደለም። ሆኖም ሥራንና ወሰንን ለየብቻ የመመዝገቡ ዘዴ ለጋራ የንግድ ሶፍትዌርም የሚስማማ ነው።

የሦስት ማኅበራት ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በኩታበር፣ በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙ ሦስት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድ የሒሳብ ሶፍትዌር በጋራ ተከራይተው ይጠቀማሉ እንበል። በየማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ገንዘብ ያዥ አሉ። ከእነዚህ ሌላ የማኅበራትን ሒሳብ የሚመረምር የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኦዲተር አለ። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩታበሩ፣ ሁለት ቀን ለደሴው ማኅበር ይሠራል።

ንድፍ አውጪው ሚናን በተጠቃሚው መዝገብ ላይ እንደ አንድ ዓምድ ካስቀመጠ ችግሩ ወዲያው ይመጣል። ሒሳብ ሠራተኛው በሁለት ማኅበራት ስለሚሠራ የደንበኛ ቁጥሩ አንድ ሊሆን አይችልም። ኦዲተሩም ከአንድ በላይ ማኅበር ማየት ይገባዋል። የተለመደው አቋራጭ «ሚናው ኦዲተር ከሆነ የደንበኛ ማጣሪያውን ዝለል» የሚል ቅድመ ሁኔታ በኮዱ ውስጥ መጨመር ነው። ሥራው ይሳካል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኦዲተር» የሚል ሚና የተሰጠው ማንኛውም ሰው የሦስቱንም ማኅበራት ብድር ያያል። የኮምቦልቻው ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ለራሱ የውስጥ ተቆጣጣሪ ይህንኑ ሚና በቅንነት ሲሰጥ፣ የኩታበርን ተበዳሪዎች ስም ዝርዝር ሳያውቅ አሳልፎ ይሰጣል። በዚህ ሂደት የተሳሳተ የኮድ መስመር የለም፤ እያንዳንዱ መስመር የታዘዘውን ፈጽሟል።

የዚህ ጉዳት ሊቃለል አይገባም። ነዋሪዎቹ እርስ በርስ በሚተዋወቁበት አካባቢ ማን ስንት እንደ ተበደረና ማን መክፈል እንዳቃተው መታወቁ የጋብቻና የንግድ ጉዳይ እስከ መሆን ይደርሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም ነገሩ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

መድኃኒቱ ሚናን ከተጠቃሚው ላይ አንሥቶ ወደ አባልነት ማዛወር ነው። አባልነት ማለት የሰው፣ የማኅበርና የሥራ መደብ ሦስትነት ነው፦

```sql
CREATE TABLE membership (
  user_id     bigint NOT NULL,
  tenant_id   bigint NOT NULL,
  role        text   NOT NULL,
  valid_until date,
  PRIMARY KEY (user_id, tenant_id, role)
);
```

ሒሳብ ሠራተኛው ሁለት ረድፍ ይኖሩታል። ኦዲተሩ ለምርመራ ለተመደበባቸው ማኅበራት ብቻ በየማኅበሩ አንድ ረድፍ ይሰጠዋል፤ ምርመራው ሲያልቅ ቀኑ ያበቃል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ማኅበር ብቻ ይገባሉ፤ ወደ ሌላው ለመሻገር ማኅበሩን መለወጥ አለባቸው። የሶፍትዌሩ አቅራቢ ድርጅት የድጋፍ ሠራተኞችም በዚሁ በር ይግቡ። «ሁሉን የሚያይ» የሚባል ሚና በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በስሕተት የሚሰጠው አይኖርም።

ወሰኑን ለመረጃ ቋቱ ማስረከብ

አባልነት በሚገባ ቢነደፍም ማጣሪያውን በየመጠይቁ መጻፍ ለፕሮግራመሩ ከተተወ ችግሩ በግማሽ ይቀራል። ስለዚህ ወሰኑን መረጃ ቋቱ ራሱ እንዲያስከብር ማድረግ ይገባል። ፖስትግሬስኪውኤል ከ9.5 እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በረድፍ ደረጃ ፈቃድ መስጠትን ያስችላል፦

```sql
ALTER TABLE loan ENABLE ROW LEVEL SECURITY;
ALTER TABLE loan FORCE ROW LEVEL SECURITY;
CREATE POLICY by_tenant ON loan
  USING (tenant_id =
         current_setting('app.tenant')::bigint);
```

ከዚህ በኋላ ፕሮግራመሩ ማጣሪያ ቢረሳም የሚመለስለት የአንድ ማኅበር ብድር ብቻ ነው። የማኅበሩ ቁጥር ጨርሶ ካልተሰጠ መጠይቁ በስሕተት መልእክት ይቆማል፤ ሁሉን ከማሳየት ምንም አለማሳየት ይሻላልና።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የሚና ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ መረጃ ቋቱ የሚገባው በየትኛው ሚና ነው? ከላይ ያለው ደንብ የላቀ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚና `BYPASSRLS` በተሰጠው ሚና ላይ አይሠራም። ሁለተኛው ትእዛዝ ካልተጨመረም የሠንጠረዡ ባለቤት ከደንቡ ነፃ ነው። ሶፍትዌሩ ሠንጠረዦቹን በፈጠረበት ሚና የሚሠራ ከሆነ ደንቡ ተጽፎም እንዳልተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማስጠንቀቂያ መልእክትም አይታይም። ስለዚህ ሠንጠረዥ የሚፈጥረው ሚና እና በየቀኑ የሚያነበው ሚና ሁለት ይሁኑ። የሚከተለው መጠይቅ የትኞቹ ሚናዎች ደንቡን እንደሚያልፉ ያሳያል፦

```sql
SELECT rolname FROM pg_roles
WHERE rolsuper OR rolbypassrls;
```

ሶፍትዌሩ የሚገባበት ሚና በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ጥበቃው የለም ማለት ነው።

የሚቀሩ ቀዳዳዎች

የመጀመሪያው ቀዳዳ የሚመጣው ከግንኙነት መጋራት ነው። ሶፍትዌሮች ወደ መረጃ ቋት የሚከፍቷቸውን ግንኙነቶች ሳይዘጉ ለቀጣዩ ጠያቂ ያስተላልፋሉ። የማኅበሩ ቁጥር በ`SET` ከተሰጠ በግንኙነቱ ላይ ይቆያል፤ የኩታበር ቁጥር ተቀምጦበት የቀረ ግንኙነት ቀጥሎ ለኮምቦልቻ ሊደርስ ይችላል። በ`SET LOCAL` ሲሰጥ ግን ትራንዛክሽኑ ሲያበቃ አብሮ ይጠፋል። ይህ ስሕተት አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክር አይታይም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ለምሳሌ በወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ብቅ ይላል። «አንዳንድ ጊዜ የማናውቀው ስም ይመጣል፤ ገጹን ስናድሰው ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ሲሰማ በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ምንም ረድፍ ሳያሳይ ምስጢር ያወጣል። የአባላት ስልክ ቁጥር በመላው ሠንጠረዥ እንዳይደገም ከታዘዘ፣ የደሴው ሒሳብ ሠራተኛ አዲስ አባል ሲመዘግብ «ይህ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። በእርሱ ማኅበር ግን ቁጥሩ የለም። እንግዲህ ሰውየው የሌላ ማኅበር አባል መሆኑን ዐወቀ ማለት ነው። የረድፍ ደንብ ይህን አይከለክልም፤ ያለመደገም ቍጥጥር ከደንቡ ውጭ ይሠራልና። መፍትሔው ገደቡን `UNIQUE (tenant_id, phone)` አድርጎ በማኅበሩ ወሰን ውስጥ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው የዘዴው ገደብ ነው። ደንቡ የማኅበሩን ቁጥር የሚቀበለው ከሶፍትዌሩ ነው። ቁጥሩ ከገጹ አድራሻ ወይም ከተጠቃሚው ከተላከ ቅጽ በቀጥታ ከተወሰደ፣ ቁጥሩን የሚቀይር ሁሉ ማኅበሩን ይቀይራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ከማስቀመጡ በፊት ተጠቃሚው በዚያ ማኅበር ጊዜው ያላለፈ አባልነት እንዳለው ማረጋገጥ አለበት። የራሱን የኤስኪውኤል ትእዛዝ አስርጎ ለሚያስገባ አጥቂም ይህ ጥበቃ አይበቃም፤ ቁጥሩን ራሱ ሊቀይረው ይችላልና።

እነዚህ ሁሉ መሠራታቸው የሚረጋገጠው በሁለት ደንበኞች ፈተና ነው። በኩታበር ማኅበር ስም መረጃ ይገባል፤ ከዚያ በኮምቦልቻ አባልነት ተገብቶ የኩታበሩ መዝገብ ቁጥር በእያንዳንዱ ገጽ፣ ሪፖርትና ፍለጋ ይጠየቃል። የሚጠበቀው መልስ «አልተገኘም» ነው። «ፈቃድ የለዎትም» የሚል መልስ እንኳ መዝገቡ መኖሩን ስለሚመሰክር ፈተናውን ወድቋል። ፈተናው በእያንዳንዱ ሚና ይደገማል፤ ከሁሉ ይልቅ በኦዲተሩ።

ተቃራኒው ሐሳብና ማጠቃለያ

ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ የመረጃ ቋት ቢከፈት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ለጥቂት ትልልቅ ደንበኞች ክርክራቸው ትክክል ነው። ለብዙ ትንንሽ ማኅበራት ግን እያንዳንዱን የሠንጠረዥ ለውጥ በየቋቱ መድገምና መጠባበቂያ ቅጂውን በየብቻው መያዝ ወጪውን ያንረዋል። ከዚህም በላይ መለያየቱ የኦዲተሩን ጥያቄ አይመልስም። እርሱ አሁንም በብዙ ቋቶች ውስጥ መግባት አለበት፤ የትኞቹን ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን የሚወስን መዝገብም ያስፈልጋል። ያ መዝገብ ከላይ የተገለጸው አባልነት ነው።

በመሆኑም በጋራ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ የምረቃ ጽሑፎችና ፕሮጀክቶች የሚናዎችን ዝርዝር በሠንጠረዥ አቅርበው ማቆም የለባቸውም። ከእያንዳንዱ ሚና አጠገብ ሚናው በየትኛው ደንበኛ ላይ እንደሚሠራ፣ ያንን የሚያስከብረው የሥርዓቱ ክፍል የትኛው እንደ ሆነና በየትኛው ፈተና እንደ ተረጋገጠ ሊጻፍ ይገባል። የወሰኑ ዓምድ ባዶ የቀረበት ሚና ካለ፣ መረጃው የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነው።